ጋሼና የሁለት ሰዓቱ ደወል

ከጋሼ ኪስ ገንዘብ በግልጽ መውሰድ አይሞከርም። ሜሪላንድ ውስጥ ያለው እድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ለለቅሶ ቤት የተገዛ የወረቀት ኩባያ እንኳ ደረሰኝ ካልመጣለት ሒሳቡ አይዘጋም። ጤፍ ሲገዙ ሦስት ሱቅ ይዞራሉ። ሁለት ዶላር የሚረክስ ከረጢት ካገኙ፣ የቤንዚኑን ነገር ሳያነሱ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ይነዳሉ። እንግዲህ ከእኚህ ሰው ካርድ ላይ ነው በየሳምንቱ፣ አንድም ጊዜ ሳያዛንፍ፣ 6 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚወጣው። ማን እንደሚወስደው እሳቸውም አያውቁም፤ ወሳጁም ጤፍ አይሸጥም።

ነገሩ የታወቀው እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ የባንኩን ስቴትመንት በአጋጣሚ ስላነበቡት ነው። «ይሄ APPLE.COM/BILL የሚባለው ማነው? ከልጆቻችን ይልቅ እሱ ነው የሚያስታውስህ፤» አሏቸው። ጋሼ «የስልኩ ነዋ!» ብለው አለፉት። አብዛኛው ሰው የሚያልፈው እንዲሁ ነው። በዚያ አንድ መስመር ሥር ግን በአፕል በኩል የሚከፈል ማንኛውም ነገር ሊደበቅ ይችላል፤ የፎቶ ማስቀመጫም፣ የጨዋታም፣ የረሱት አፕም። ስቴትመንቱ የሚነግረን ገንዘቡን የሰበሰበውን እንጂ የበላውን አይደለም።

በዚህ ምክንያት አንድ ቅዳሜ ተጠርቼ ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ጋሼ ከእድሩ የተረፈ ባለ መስመር ደብተር አመጡ፤ እኔ ስልካቸውን ተቀበልኩ። Settings ውስጥ ገብቼ፣ ከላይ ስማቸውን ነክቼ፣ Subscriptions የሚለውን ስከፍት ሌባው በፎቶው ሳይቀር ተቀምጧል፤ ሰነድ ስካን የሚያደርግ አፕ። ጋሼ አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው የውክልና ወረቀት መላክ ነበረባቸው። አፑን አወረዱ፣ «ሦስት ቀን በነፃ» የሚለውን ተጫኑ፣ ወረቀቱን ላኩ፣ በማግስቱም አፑን አጠፉት። «አጥፍቼዋለሁ እኮ!» አሉ፣ ዓይናቸው ፈጦ። አፑን ከስልክ ማጥፋት ግን ክፍያውን አያጠፋውም። በአንድሮይድ ስልክም ያው ነው፤ እዚያ በፕሌይ ስቶር የራስን ፎቶ ነክቶ Payments & subscriptions ውስጥ ገብቶ መሰረዝ ያስፈልጋል። በሳምንት 6 ዶላር ከ99፣ በዓመት 363 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይሆናል። ለአንድ ገጽ ውክልና! ጭራሽ እኮ ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው የማስታወሻ መጻፊያ ውስጥ ነፃ ስካነር አለው። ይህን የነገርኳቸው ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ነው፤ ቀድሜ ብናገር አቦሉንም አይጠጡልኝም ነበር።

አሁን መዝገብ ይከፈት ተባለ። ጋሼ ብዕራቸውን አንስተው «እሺ፣ ምን ምን አለኝ?» ብለው ወደ ጣራው ማሰብ ጀመሩ። እዚህ ላይ አስቆምኳቸው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከትዝታ አይሠራም፤ የረሱትን ለማግኘት የሚያስታውሱትን መጻፍ ምን ይረባል? ከስቴትመንት ነው የሚቀዳው። የአንድ ወርም አይበቃም፤ በዓመት አንዴ ብቻ ብቅ የሚለው ክፍያ በአንድ ወር ወረቀት ላይ አይገኝም። አሥራ ሁለት ወር ቢሆን እንኳ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሳምንት ላይ የሚሾልክ አይጠፋም። ስለዚህ አሥራ ሦስት ወር ወደ ኋላ እንሄዳለን አልኩ። «አሥራ ሦስት ወር ያለን እኛ ብቻ ነን፤ ይሄን ያወጣው ሐበሻ መሆን አለበት፤» አሉ ጋሼ፣ ትንሽ ተጽናንተው።

ከአሥራ ሦስቱ ወር የወጣው ይኸው ነው። ስካነሩ፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት አገልግሎት፤ ጋሼ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ያልረገጡት ጂም፤ የፎቶ ማስቀመጫ፣ በወር 2 ዶላር ከ99፤ የበር ደወሉ ካሜራ፣ በዓመት አንዴ፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚደወልበት መስመር፣ በየ30 ቀኑ፤ እና የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም፣ እሱም በዓመት አንዴ። የመጨረሻው የተገዛለት ላፕቶፕ ከሞተ ቆይቷል። ጋሼ «እሱ ሞቶ መዋጮ ይከፍላል?» ብለው ደብተሩ ላይ በቀይ አሰመሩበት።

በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። የአገልግሎቱ ስም፣ የሚወስደው ገንዘብ፣ ከየትኛው ካርድ እንደሚወስድና በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ በምን መንገድ እንደሚሰረዝ፣ ከዚያ ሁለት ቀኖች። አንዱ ገንዘቡ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ሌላው ለመሰረዝ የመጨረሻው ቀን። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ ቀን አድርጎ ስለሚያያቸው ነው፤ የእድሳቱን ቀን ካላንደሩ ላይ ያስቀምጥና፣ በዚያ ቀን ስልኩ ሲጮህ ገንዘቡ ሌሊቱን ሄዷል።

ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚቀድም እንደየአገልግሎቱ ይለያያል። አፕል ነፃ ሙከራ ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው ሰርዙ ይላል። ስለዚህ ሰኞ ለሚያልቅ ሙከራ እሑድ ማታ ማሰብ ዘግይቷል። ጂሙ ደግሞ ወዲያ ማዶ ነው። ውሉን ከመሳቢያ አውጥተን ስናነበው በስልክም በኢሜይልም አይሰረዝም፤ የተፈረመ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ደብዳቤውም ክፍያው ከሚወጣበት ቀን 30 ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። ክፍያው በየወሩ በ17 ነው። የኦገስት 17ቱን ለማስቀረት ደብዳቤው እስከ ጁላይ 18 መግባት አለበት፤ ለፖስታ መንገድ አሥር ቀን ብንተው ካላንደሩ ላይ የሚገባው ጁላይ 8 ነው። እንግዲህ የኦገስት ክፍያ ደወሉ የሚጮኸው በጁላይ መጀመሪያ ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን መድረሱ በሚፈረምበት የአደራ ፖስታ ላኩት አልኳቸው፤ ጋሼ የእድሩን ማኅተም ሊያሳርፉበት ፈልገው እትዬ ከለከሏቸው።

ጸረ ቫይረሱ ከሁሉም የባሰ ተንኮለኛ ሆኖ ተገኘ። የአገልግሎቱ ዘመን የሚያልቀው ማርች 20 ነው፤ ጋሼ ይህን ቀን ያውቁት ኖሯል፣ ማርች 18 ላይ «ላፕቶፕ» ብለው ደወል ሞልተውለታል። የውሉን ትናንሽ ፊደል ስናነብ ግን ዘመኑ ከማለቁ እስከ 30 ቀን ቀድሞ ገንዘቡን የመውሰድ መብት ለራሱ ሰጥቷል። ማርች 20 ወደ ኋላ 30 ቀን ሲቆጠር ፌብሩዋሪ 18 ይሆናል። ደወሉ በማርች ሲጮህ የሚቀረው ገንዘቤን መልሱ ብሎ መጨቃጨቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ «የሚያበቃበት ቀን» የሚል ኢሜይል ሲመጣ «የምትወስዱትስ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጋሼ ፌብሩዋሪ 10 ብለው ጻፉ።

ከቀን ንባብ ጋር የተያያዘ ሌላም ጣጣ አለ። የበሩ ካሜራ ኢሜይል 05/08 ይላል። ጋሼ እንደ አገር ቤቱ ቀኑን አስቀድመው አነበቡና ኦገስት 5 ብለው አስገቡት። አሜሪካኖች ግን ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፤ ክፍያው ሜይ 8 ነበር። ሦስት ወር ያህል ልዩነት ነው። በደብተሩ ላይ ወር በቁጥር እንዳይጻፍ የተከለከለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቀኑ የባሰው ደግሞ ሰዓቱ። ጋሼ ካላንደር መሙላት ከተማሩ በኋላ ራሳቸው ይሙሉ ብዬ ተውኳቸው። ለካሜራው ደወል ጠዋት ሁለት ሰዓት ብለው 2 አስገቡ፤ ስልኩም የታዘዘውን አደረገ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን አናጋው። እትዬ «አገር ቤት ምን ሆኑ!» ብለው ነጠላቸውን አንስተው ተነሡ። በዚያ ሰዓት ስልክ የሚጮኸው ለመርዶ ብቻ ነውና። ጋሼ መነጽራቸውን ፈልገው ሲያነቡት «ካሜራ» ይላል። ካሜራው ምን እንደሆነ፣ ይሰረዝ ይሁን ይቀጥል፣ ተሰርቆ ይሁን ተበላሽቶ፣ አይናገርም። በሩን ከፍተው አዩት፤ በቦታው አለ። ተመልሰው ተኙ። ጠዋት ደግሞ ደወሉን ረስተውታል።

ከዚያ ሌሊት ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ደወል የሚሞላው ሁለታችንም ቁጭ ብለን AM የሚለውን ካየን በኋላ ነው፤ እሱም ጋሼ ከቡና በኋላ እጃቸው ባዶ በሚሆንበት በአራት ሰዓት፣ ስልኩ 10 በሚለው። ሁለተኛ፣ ማስታወሻው ውስጥ ግሥ ይኑር። «ካሜራ» ሳይሆን «የበሩን ካሜራ ሰርዝ፤ በልጅህ ኢሜይል ነው የተመዘገበው»። «ጂም» ሳይሆን «ደብዳቤውን ዛሬ ፖስታ ቤት ውሰድ፤ መሳቢያ ውስጥ ነው»። ለእያንዳንዱ ሁለት ደወል እናደርጋለን፤ አንዱ ከመጨረሻው ቀን ሳምንት ቀድሞ ለመመካከር፣ ሌላው ሁለት ቀን ቀድሞ ለመፈጸም። ከሁለት በላይ ሲሆን ጋሼ ማጥፋትን ይለምዱታል።

ካላንደሩ ራሱም እምነት የማይጣልበት ቦታ አለው። ጋሼ ወርኃዊ ምርመራቸውን የወሩ መጨረሻ ላይ፣ በየወሩ በ31 እንዲደገም አዘዙ። ስልኩ 31 የሌለውን ወር ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ ኤፕሪልም፣ ጁንም ሳይጮህ አለፈ። አሁን «የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ» ተብሏል። የካርዱ ወር በ24 ስለሚዘጋ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ስቴትመንቱ ደርሶ ይጠብቀናል።

ቀን መቁጠር ከተነሣ እትዬን ሳላነሣ አላልፍም። ወደ ኢትዮጵያ የሚደወልበት መስመር በየ«ወሩ» ሳይሆን በየ30 ቀኑ ነው የሚታደሰው፤ ይህ ደግሞ በፈረንጅ ካላንደር ላይ ይንከራተታል። ጃንዩዋሪ 31 ታደሰ፤ ቀጥሎ ማርች 2 ሆነ፤ ከዚያ ኤፕሪል 1፤ ከዚያ ሜይ 1። ጋሼና እኔ ወረቀት ላይ ስንደምር ስንቀንስ እትዬ ከምድጃው ዞር ብለው «ምን ያደክማችኋል? የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤» አሉ። ቆጠርነው። ጃንዩዋሪ 31 ጥር 23 ነው፤ ማርች 2 የካቲት 23፣ የዓድዋ ዕለት፤ ኤፕሪል 1 መጋቢት 23። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ በየ30 ቀኑ የሚመጣ ነገር ከቀኑ ንቅንቅ አይልም። ጳጉሜን ስትመጣ ብቻ ነው የምታንሸራትተው፤ ነሐሴ 23 ታድሶ 30 ቀን ሲቆጠር አምስቱን ጳጉሜን በልታው መስከረም 18 ላይ ያርፋል። እትዬ ይህንንም ቀድመው ያውቁታል። ለዚያ መስመር ካላንደር አልሞላንም፤ እትዬ አሉ።

የተሰረዘው ሁሉ ወዲያው ተሰረዘ ማለትም አይደለም። ጋሼ ከዚህ በፊት ካርዴ ጠፋ ብለው አዲስ አውጥተው ነበር፤ ቁጥሩ ስለተለወጠ «ያላወቅሁት ሁሉ ይቅር» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ስካነሩ ግን በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ ካርድ ላይ መጣ። ቪዛና ማስተርካርድ የተለወጠ የካርድ ቁጥርን ለነጋዴዎች የሚያስተላልፍ አሠራር አላቸው፤ መብራትና ኢንሹራንስ እንዳይቋረጥ የታሰበ ነው፣ ሌላውም ተጠጋበት። ስለዚህ ካርድ መቀየር ስረዛ አይደለም። በደብተሩ ላይ አንድ ነገር «ተሰርዟል» የሚባለው የማረጋገጫው ኢሜይል መጥቶ፣ የሚቀጥለው ስቴትመንትም ያለ እሱ ሲመጣ ነው። እስከዚያው በእርሳስ ይጻፋል።

መሰረዙ የሚከብደው ደግሞ ሰው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጁን 2023 አማዞንን ሲከስ፣ ፕራይም የሚባለውን አባልነት ለማቋረጥ ደንበኛው አራት ገጽ አልፎ፣ ስድስት ጊዜ ተጭኖ፣ አሥራ አምስት አማራጭ ተሻግሮ መሄድ ነበረበት ብሏል። ክሱ እንደሚለው ይህ መንገድ በኩባንያው ውስጥ የሚጠራው «ኢልያድ» በሚል ስም ነበር፤ ሆሜር የትሮይን ጦርነት በተረከበት በዚያ ማለቂያ በሌለው ግጥም ስም። ያወጣለት ሰው ቀልደኛ ነው፤ አይካድም። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በሴፕቴምበር 2025 ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ አንድ ቢሊዮን ተኩሉ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ያው ኮሚሽን መሰረዝ የመመዝገብን ያህል ይቅለል የሚል ደንብ በኦክቶበር 2024 አውጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት በጁላይ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ጉድለት ሻረው። ስለዚህ ለጊዜው ጋሼን የሚጠብቃቸው ደብተሩ ነው።

ሁሉም ይሰረዝ ቢባልም ቤቱ ይቃጠላል። የፎቶ ማስቀመጫውን ጋሼ በቀይ ሊያሰምሩበት ሲሉ እትዬ ደብተሩን ነጠቋቸው፤ የልጅ ልጆቹ ፎቶ፣ ከጥርስ ማብቀል እስከ ምረቃ፣ እዚያ ነው ያለው። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ያን የሚያልፈው ፎቶ ወደ ማስቀመጫው መግባት ያቆማል። «ይኑር» ተብሎ ተጻፈ። ኳሱ ግን ሌላ ሙግት ነበር። ሊጉ በሜይ ያልቃል፣ በኦገስት ይጀምራል፤ ታዲያ በጁንና በጁላይ የሚከፈለው ለምንድነው? ለባዶ ሜዳ ነው። በየወሩ የሚከፈል ስለሆነ በሜይ ተሰርዞ በኦገስት መመለስ ይቻላል። የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ መታየቱ ስለማይቀር ጋሼ የመጨረሻው ጨዋታ ሳያልቅ ሰርዘው፣ ያለ ስጋት ያያሉ። ይህን ሲረዱ «ታዲያ ዛሬ ተመዝግቤ ዛሬውኑ ብሰርዝስ?» አሉ። ይቻላል፤ ለአንድ ወር ብቻ ለፈለጉት ነገር ከሁሉ የሚሻለውም እሱ ነው፤ ደወልም አያስፈልገው። አንዳንድ ነፃ ሙከራ ግን ሲሰረዝ ወዲያው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ከመጫን በፊት ገጹ እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚለውን ማንበብ ያሻል።

አሁን የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በዚያ ቤት የታወቀ ቀን ነው። ጋሼ ስቴትመንቱን ያነባሉ፣ እትዬ ከደብተሩ ጋር ያመሳክራሉ፣ አዲስ ነገር ከተገኘ የጨመረው ሰው ይናገራል። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሳይደርስ ሥራው ያልቃል። ዋጋ የጨመረም እዚያው ይታያል፤ የኳሱ አገልግሎት ጭማሪውን በኢሜይል ነግሮ ኖሯል፣ ማንም አላነበበውም፣ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን ከስቴትመንቱ ጋር አልገጥም አለ።

ባለፈው ደግሞ ለጋሼ አንድ ሰው ደወለ። የጸረ ቫይረስ ፕሮግራምዎ ዛሬ በ399 ዶላር ከ99 ታድሷል፣ ካልፈለጉት ኮምፒውተርዎን ከፍተው የምልዎትን ያስገቡ፣ ገንዘብዎን ልመልስልዎ አላቸው። ይህ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚገኘው ተመላሽ ገንዘብ ሳይሆን ባዶ የባንክ ሒሳብ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ጋሼ ምን ምን እንደተመዘገቡ ስለማያውቁ ይደነግጡ ነበር። አሁን ግን «አንዴ ቆይ» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ደብተሩን ገለጡ፤ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አወረዱ።

«ተራ ቁጥርህ ስንት ነው?» አሉት።

ሰውየው ምን እንደተጠየቀ አልገባውም፤ ዋጋውን ደገመላቸው።

«መዝገብ ላይ የለህም፤» አሉት ጋሼ፣ ለእድሩ ያልከፈለን ሰው በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ቅዳሜ በአራት ሰዓት ስብሰባ አለን፤ ጥያቄህን በጽሑፍ ይዘህ ቅረብ።»